ጎግል ላይ የተጻፈው ቃል ምን ይፈልጋል?

ጎግል ላይ «ኤሌክትሪክ ምጣድ» ብሎ የሚጽፍ ሰው እንጀራው እየተጣበቀበት መላ የሚፈልግ ሊሆን ይችላል። አሮጌው ምጣድ ተቃጥሎበት አዲስ ሊገዛ የተነሣም ሊሆን ይችላል። ባለፈው ሳምንት ያየውን የአንድ ሱቅ ገጽ መልሶ ለማግኘት የሚሞክርም ይኖራል። ሦስቱም የጻፉት ያንኑ ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው የሚፈልገው ማብራሪያ፣ ሁለተኛው ዋጋና ስልክ ቁጥር፣ ሦስተኛው ደግሞ አንድ አድራሻ ብቻ ስለሆነ ግን ሦስቱንም እኩል የሚያረካ አንድ ጽሑፍ ማዘጋጀት አይቻልም።

ከተጻፈው ቃል ኋላ ያለው ይህ ጉዳይ የፈላጊው ዓላማ ይባላል። ለኢንተርኔት የሚጽፍ ሰው ጽሑፉ ምን ያህል ይርዘም፣ ምን ይቅደም፣ ሰንጠረዥ ይግባ ወይስ ፎቶ የሚሉትን ጥያቄዎች የሚመልሰው በዚህ ነው። የጽሑፍ ችሎታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዓላማውን የሳተ ጽሑፍ ቋንቋው የቱንም ያህል ቢያምር አንባቢው ሁለት መስመር አይቶ ወደ ፍለጋው ይመለሳል።

ዓላማዎቹን በሦስት የከፈለው አንድሬ ብሮደር የተባለ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ነው። ብሮደር ጎግል ገና ባልገነነበት ዘመን ታዋቂ በነበረው አልታቪስታ በተሰኘው የፍለጋ ሞተር የምርምር ኃላፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው አጭር ጥናት ሰዎች የሚፈልጉት ሁልጊዜ መረጃ ነው የሚለውን የጊዜውን እምነት ተቃወመ። አንዱ አንድን ነገር ለማወቅ ይፈልጋል። ሌላው የሚያውቀው አንድ የተወሰነ ድረ ገጽ ጋ ለመድረስ ይፈልጋል። ሦስተኛው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር ለማከናወን ይፈልጋል፤ ይገዛል፣ ፋይል ያወርዳል፣ ቅጽ ይሞላል። እነዚህን ሦስት ዓይነት ፍለጋዎች እንደ ቅደም ተከተላቸው የመረጃ፣ የመድረሻና የተግባር ፍለጋ ብሎ መጥራት ይቻላል። ዛሬ በሽያጭ ሠራተኞች ዘንድ የተግባር ፍለጋ ሲባል ግዢ ብቻ ይመስላል፤ የብሮደር ሐሳብ ግን ከዚያ ይሰፋል። ፓስፖርት ለማደስ ቅጽ ሊሞላ የመጣ ሰው ምንም ነገር አይገዛም፤ ሆኖም ፍለጋው የተግባር ነው።

ብሮደር ከአልታቪስታ መዝገብ 400 ፍለጋዎችን ወስዶ አንድ በአንድ ሲመለከት 48 ከመቶ ያህሉ የመረጃ፣ 30 ከመቶው የተግባር፣ 20 ከመቶው ደግሞ የመድረሻ ሆነው አገኛቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ በርናርድ ጃንሰንና ባልደረቦቹ ከሌላ የፍለጋ ሞተር የተወሰዱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፍለጋዎችን በኮምፒውተር ሲለዩ፣ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የመረጃ ፍለጋዎች ናቸው የሚል ውጤት ላይ ደረሱ። ልዩነቱ የመጣው የሰዎች ጠባይ በስድስት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ስለተለወጠ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። የመለያው መንገድም ይለያያል፤ ቃል ብቻ አይቶ የሰውን ሐሳብ መገመት ደግሞ ራሱ አስቸጋሪ ነው። ብሮደርም ይህን አልሸሸገም። በነገራችን ላይ እነዚያ 400 ፍለጋዎች የተመረጡት በእንግሊዝኛ ያልተጻፉት ከተወገዱ በኋላ ነው፤ ስለዚህ መቶኛውን እንዳለ ወስዶ በአማርኛ ፍለጋ ላይ መጫን አያስኬድም። የሚጠቅመው ክፍፍሉ እንጂ ቁጥሩ አይደለም።

ከሦስቱ በቀላሉ የሚታወቀው የመድረሻ ፍለጋ ነው። «ቴሌብር» ወይም «ፌስቡክ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስለ ኩባንያዎቹ ታሪክ ለማንበብ አልመጣም። አድራሻውን ሙሉ ከመጻፍ ይልቅ ስሙን ጽፎ የመጀመሪያውን ውጤት መንካት ስለሚቀለው ብቻ ነው በፍለጋ በኩል የሚያልፈው። እንዲህ ላለው ፍለጋ ትክክለኛ መልሱ አንድ ነው፤ እሱም የዚያው ድርጅት ገጽ ነው።

ሌላ ጽሑፍ በዚህ መካከል ሲገባ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 በግልጽ ታይቷል። ሪድራይትዌብ የተባለ የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ ፌስቡክ ለሌሎች ድረ ገጾች ሁሉ መግቢያ ለመሆን ስላለው ፍላጎት አንድ ጽሑፍ አወጣ። በርዕሱ ውስጥ ፌስቡክ የሚለው ስምና መግቢያ የሚለው ቃል አብረው ነበሩ። ጎግል ጽሑፉን facebook login ለሚለው ፍለጋ ከላይ አወጣው። በየቀኑ ፌስቡክን በዚህ መንገድ የሚከፍቱ ሰዎች እንደ ልማዳቸው የመጀመሪያውን ውጤት ነኩና ጽሑፉ ላይ አረፉ። ብዙዎቹ ፌስቡክ መልኩን የለወጠ መሰላቸው። መግባት አቃተን፣ የድሮውን መልሱልን የሚሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ አስተያየቶች ከጽሑፉ ሥር ተደረደሩ። አዘጋጆቹ በመጨረሻ ይህ ፌስቡክ አይደለም የሚል ማሳሰቢያ ጽሑፉ መካከል ለማስገባት ተገደዱ።

በጊዜው ብዙ ሰው በነዚያ ተጠቃሚዎች ስቋል። ጥፋቱ ግን የነሱ አልነበረም፤ የመድረሻ ፍለጋ ያደረገን ሰው የመረጃ ጽሑፍ ላይ የጣለው የፍለጋ ሞተሩ ነው። ድረ ገጹም ቢሆን ካገኘው የጎብኚ ብዛት የተረፈው ነገር ጥቂት ነው፤ ከመጡት ውስጥ ለማንበብ የመጣ አልነበረምና። የሌላ ድርጅት ስም ብቻውን በተጻፈበት ፍለጋ ላይ ለመታየት መድከም ከዚህ የተሻለ ውጤት አያመጣም።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ሰውየው መድረሻውን ቢያውቅም አድራሻውንና አጠቃቀሙን ላያውቅ ይችላል። በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚወጣበት ሰሞን ተማሪውም ወላጁም «የ12ኛ ክፍል ውጤት» ብሎ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ለጸሐፊ ትንሽ ቦታ አለ፤ ቅርጹ ግን ጠባብ ነው። የፈተናዎች አገልግሎቱ ትክክለኛ አድራሻ በመጀመሪያው መስመር፣ የትኛው ቁጥር የት እንደሚሞላ በሁለተኛው፣ ገጹ በመጨናነቅ እምቢ ሲል ያለው አማራጭ በሦስተኛው ከተቀመጠ በቂ ነው። ስለ ፈተናው ታሪክና ስለ ትምህርት ጥራት አራት አንቀጽ አስቀድሞ አድራሻውን ከታች የሚያስቀምጥ ጽሑፍ፣ በሞባይል ዳታ ገጹን የከፈተውን ተማሪ ካርድና ጊዜ ከማባከን ያለፈ ጥቅም የለውም።

የመረጃ ፍለጋ ሰፊ ነው፤ ጽሑፍ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። ወደ ምጣዱ ስንመለስ አንድ ሰው «እንጀራ ምጣድ ላይ ለምን ይጣበቃል» ብሎ ጽፏል እንበል። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሊጡ ተቦክቶ፣ ምጣዱ ተጥዶ፣ የመጀመሪያው እንጀራ ተቦጫጭቆበት ነው ስልኩን ያነሣው። ስለዚህ መልሱ ከላይ መቀመጥ አለበት፤ እንጀራ በአብዛኛው የሚጣበቀው ምጣዱ በደንብ ስላልተሟሸ ወይም በቂ ሙቀት ሳያገኝ ስለተሰፋበት ነው። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ለግማሹ አንባቢ ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማብራሪያ ቅደም ተከተሉ ከጋጋሪው ሥራ ጋር መሄድ ይኖርበታል። አዲስ የሸክላ ምጣድ ገጹ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ምጣዱ ሲግል የተፈጨ ጎመን ዘር እየተነሰነሰ በጨርቅ ደጋግሞ ሲታሽ የዘሩ ቅባት ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ገጹም እየጠቆረና እየለሰለሰ ይሄዳል። ይህ ማሟሸት በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ በየእንጀራው መካከልም ጥቂት ጎመን ዘር ነስንሶ በማሰሻ መጥረግ ያስፈልጋል። ሙቀቱ መድረሱ የሚታወቀው ደግሞ ሊጡ በፈሰሰ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ዓይን ማውጣት ሲጀምር ነው። ዓይን ሳያወጣ ዝም ካለ ምጣዱ አልጋለም ማለት ነው፤ እንደዚያ ያለ እንጀራ አክንባሎ ቢከደንበትም ከሥር መያዙ አይቀርም። ምጣዱም ሙቀቱም ደህና ሆኖ አሁንም የሚጣበቅ ከሆነ ወደ ሊጡ መሄድ ይገባል፤ አብሲቱ በቅጡ ካልበሰለ ወይም ሊጡ ከቀጠነ እንጀራው ተያይዞ አይነሣም።

በዚህ ቅርጽ ውስጥ የቀረው ነገርም ከገባው እኩል ትኩረት ይገባዋል። የጤፍ ታሪክ የለም፣ የእንጀራ የምግብ ይዘት የለም፣ የሱቅ ማስታወቂያም የለም። ታሪኩ ቁምነገር ሳይሆን ቀርቶ አይደለም፤ «የእንጀራ ታሪክ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። የዚያ ጽሑፍ ቅርጽ ረጅምና ተራኪ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ቡና ይዞ ተቀምጦ ነው የሚያነበው። እንግዲህ የመረጃ ፍለጋ ተብለው አንድ ላይ ከሚመደቡት ውስጥ እንኳ በአንድ ቁጥር የሚመለስ፣ በእርምጃ የሚመለስና በትረካ የሚመለስ አለ። «አንድ እንጀራ ስንት ካሎሪ አለው» የሚል ጥያቄ አንድ መስመርና ምናልባት አንድ ትንሽ ሰንጠረዥ ይበቃዋል። ይህን ጥያቄ ወደ ሁለት ሺህ ቃል ማሳደግ ብዙ ጸሐፊዎች የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ምክንያቱም ረጅም ጽሑፍ በጎግል ይወደዳል የሚል ወሬ አለ። ጎግል ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሰጠው ማብራሪያ የሚመርጠው የቃል ብዛት እንደሌለ ተናግሯል።

ወደ ተግባር ፍለጋ ሲመጣ የአንባቢው ሁኔታ ይለወጣል። «ኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ» ብሎ የጻፈ ሰው እንጀራ ምን እንደሆነ፣ ምጣድም ለምን እንደሚያገለግል ያውቃል። የቀረው ውሳኔ ነው። ለሱ የሚዘጋጅ ገጽ ዋጋውን፣ ስፋቱን፣ የሚፈጀውን ኃይል፣ የዋስትናውን ጊዜ፣ ማድረሻውንና ስልኩን በአንድ ዕይታ ሊያሳይ ይገባል። ዋጋ ሳይጽፉ በውስጥ መስመር ጠይቁን ማለት በአገራችን ገበያ የተለመደ ነው። በፍለጋ የመጣ ሰው ግን እንደ ሱቅ ደንበኛ ቆሞ አይጠብቅም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ዋጋ የተጻፈበትን ሌላ ገጽ ይከፍታል።

የተግባር ገጽ አጭር ይሁን ማለት ባዶ ይሁን ማለት እንዳልሆነ ምጣዱ ጥሩ ማሳያ ነው። በኢትዮጵያ የሚሠራ የቤት ኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት የሚሠራ ሲሆን ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት አካባቢ ይፈጃል። 3,500ን ለ220 ሲያካፍሉት 16 አምፔር ያህል ይመጣል፤ ይህን ቀጭን የኤክስቴንሽን ገመድ አይችለውም፤ ይግልና ይቀልጣል። ገዢው ይህን ሳያውቅ ከገዛ በኋላ ምጣዱ ባይበላሽም ገመዱ ይቃጠልበታል። ስለዚህ «ቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ይሰካ፤ መስመሩም 16 አምፔር የሚችል ይሁን» የሚል ማሳሰቢያ ዋጋው አጠገብ ሊጻፍ ይገባል።

ገዢው ውጭ አገር ያለ ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በእስራኤል፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኃይሉ ከእኛ ጋር የተቀራረበ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መለወጥ ያለበት ሶኬቱ ብቻ ነው። በአሜሪካ ግን የተራው ሶኬት ኃይል 120 ቮልት ነው። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የተወሰደ ምጣድ እዚያ ቢሰካ አይቃጠልም፤ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ቮልቱ በግማሽ ገደማ ሲወርድ የሚወጣው ሙቀት በግማሽ ሳይሆን ከዚያ በላይ ይወርዳል፤ 3,500 ዋት የነበረው ወደ 1,000 ዋት ገደማ ይሆናል። በዚህ ሙቀት እንጀራ ዓይን አያወጣም። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለ120 ቮልት የተሠራ፣ ከአገር ቤቱ ጠበብ ያለ ምጣድ የሚገዙት ለዚህ ነው። ከኖርዌይ የመጡ አሜሪካውያን ሌፍሴ ለሚሉት ቂጣቸው የሚጠቀሙበት ክብ ኤሌክትሪክ መጋገሪያም ለእንጀራ ማገልገሉ በሐበሻው ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል።

ይህ ለጸሐፊው የሚነግረው ነገር አለ። አሜሪካ ያለችው ገዢ lefse grill ብላ ልትፈልግ ትችላለች፤ injera mitad 110v ብላም ልትጽፍ ትችላለች። ቁጥሩን የጨመረች ሰው ዓላማዋ ጥርት ያለ ነው፤ ልትገዛ ነው፤ ቮልቱንም አስቀድማ አውቃለች። እሷ የምትፈልገው ስለ ቮልት ትምህርት ሳይሆን በዚያ ቮልት የሚሠሩ ምጣዶችን ስፋት፣ ዋትና ዋጋ ጎን ለጎን የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። «የኢትዮጵያ ምጣድ አሜሪካ ይሠራል ወይ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ገና ከመግዛቱ በፊት ያለ ነው። ሊገዛ አስቧል፤ ግን ማወቅ ይቀድማል። ብሮደር ባልዘረዘረው፣ የዛሬ ባለሙያዎች በማወቅና በመግዛት መካከል በሚያስቀምጡት በዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ቅርጽ ማነጻጸሪያ ነው፤ መጀመሪያ አጭር መልስ፣ ከዚያ ምክንያቱ፣ ከዚያ አማራጮቹ ከነጉድለታቸው ይቀርባሉ። ጉድለታቸው ያልተጻፈ ማነጻጸሪያ ማስታወቂያ ነው፤ ለገንዘቡ የሚጠነቀቅ አንባቢ ደግሞ ይህን ለመለየት ጊዜ አይፈጅበትም።

የአንድን ፍለጋ ዓላማ ለማወቅ የተለመደው መንገድ ቃሉን ራሱን ጎግል ላይ ጽፎ የሚወጣውን ማየት ነው። ጎግል በዚያ ቃል የመጡ ብዙ ሰዎች ምን እንደነኩና ምን ትተው እንደሄዱ ስላየ፣ የውጤቱ ገጽ የብዙኃኑን ዓላማ በተወሰነ ደረጃ ያሳያል። ከላይ የዕቃ ፎቶና ዋጋ ከተደረደረ ፍለጋው ወደ ግዢ ያደላል። ካርታና የመክፈቻ ሰዓት ከመጣ ሰዎች በአካል ሊሄዱ ነው። በሣጥን የተቀመጠ አጭር መልስና የተዛማጅ ጥያቄዎች ዝርዝር ካለ መረጃ ነው የሚፈለገው። አንድ ድርጅት ብቻ ከነንዑስ ገጾቹ ላዩን ከያዘ መድረሻው የታወቀ ነው። ይህን ሲያዩ የራስን የፍለጋ ታሪክ በማያስታውስ የግል መስኮት መክፈት ይሻላል፤ አለዚያ ጎግል የሚያሳየው የራስን ልማድ ይሆናል።

በእንግሊዝኛ ይህ ዘዴ ጥሩ ይሠራል። በአማርኛ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የውጭ መማሪያዎችም ይህን አይነግሩም። «ምጣድ ማሟሸት» ተብሎ ሲፈለግ ከላይ የሚመጡት ቪዲዮዎች ብቻ ቢሆኑ፣ ሰው ቪዲዮ ስለመረጠ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። በጉዳዩ ላይ የተጻፈ ጥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ስለሌለ ሊሆን ይችላል። ጎግል የሚያሳየው ካለው ውስጥ ነው፤ የሌለውን ሊያሳይ አይችልም። በዚያ ላይ የአማርኛ ፈላጊ አጻጻፉ ይለያያል። አንዱ በፊደል «እንጀራ» ይላል፣ ሌላው «ኢንጀራ»፣ ሦስተኛው በላቲን injera። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን እየቀያየረ የሚጽፈውም ብዙ ነው። አንድ ዓላማ በብዙ አጻጻፍ ስለሚበተን እያንዳንዱ ቃል ብቻውን ሲታይ ፈላጊ የሌለው ይመስላል።

ስለዚህ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከውጤቱ ገጽ ሌላ ምስክር ያስፈልገዋል። ቃሉን መጻፍ ሲጀምሩ ጎግል የሚያቀርባቸው ማሟያዎች አንድ ምስክር ናቸው፤ እውነተኛ ሰዎች ከጻፉት የሚወጡ ናቸውና። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሱቁ ውስጥ ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ ነው። ደንበኞች ደውለው በመጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋ ነው፣ ጥገና ነው፣ ወይስ ሱቁ የት እንደሚገኝ? የአንድ ሳምንት ጥሪ በወረቀት ላይ ቢመዘገብ ዓላማዎቹ በራሳቸው ይለያሉ።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ስሕተቱን የሚያሳየው መሣሪያ ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነፃ የሚሰጠው ሰርች ኮንሶል ነው። እያንዳንዱ ገጽ በየትኛው ቃል ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተነካና በአማካይ ስንተኛ እንደወጣ ያሳያል። አንድ ሱቅ «ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ማወቅ ያለብዎት» የሚል አንድ ረጅም ገጽ አለው እንበል። ታሪኩም፣ አሟሟሹም፣ ዋጋውም፣ ስልኩም አንድ ላይ ነው ያሉት። ኮንሶሉ ሲከፈት ገጹ «ኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ» ለሚለው ቃል በመጀመሪያዎቹ ውጤቶች መካከል ሆኖ ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ የሚነካው ግን የለም። ደረጃው ደህና ሆኖ የሚነካ ከጠፋ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ርዕሱ ነው፤ ዋጋ ለሚፈልግ ሰው ትምህርት የሚሰጥ ይመስላል። «ለምን ይጣበቃል» በሚለው ቃል ደግሞ ገጹን የሚነኩ አሉ፤ ነገር ግን ከነሱ አንድም የሚደውል የለም። እነዚህ ሰዎች ምጣድ አላቸውና ባይደውሉ አያስገርምም።

መፍትሔው ገጹን ለሁለት መክፈል ነው። አንደኛው ገጽ ርዕሱ ላይ ዋጋና ስፋት ይዞ ሰንጠረዡንና ስልኩን ያስቀድማል። ሁለተኛው የመጣበቅን ችግር ብቻ ይዞ በመልሱ ይጀምራል፤ ከግርጌው፣ ምጣዱ ተሰንጥቆ ወይም ሽቦው ተቃጥሎ ከሆነ ማሟሸት እንደማይበቃ ገልጾ ወደ ዋጋው ገጽ ያመለክታል። የሱቁ ስምና አድራሻ ደግሞ ስሙን ጽፈው ለሚመጡት በመግቢያው ገጽ ላይ ከነካርታው ይቀመጣል። መክፈሉ ግን ልክ አለው። «የምጣድ ዋጋ»፣ «ምጣድ ስንት ነው» እና «ርካሽ ምጣድ» እያሉ ለአንድ ዓላማ ሦስት ገጽ መሥራት ገጾቹን እርስ በርሳቸው ያሻማል፤ ጎግልም አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያወጣ አንዳቸውም አይጸኑም። የሚከፈለው ዓላማው ሲለይ እንጂ ቃሉ ሲለይ አይደለም።

የተከፈለ ገጽ ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ የአንድ ቃል ዓላማም በወቅት ሊለዋወጥ ይችላል። ለበዓል ሰሞን ወደ ግዢ ያደላ ቃል በሌላው ወር የጥገና ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንድ ወር ቁጥር ብቻ አይቶ ቅርጽ መለወጥ አይገባም፤ ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ወር ማየት ያስፈልጋል። ሰርች ኮንሶል ወደ ኋላ የሚያሳየው የ16 ወር መረጃ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ማነጻጸር የሚፈልግ ቁጥሮቹን በየጊዜው እያወረደ ራሱ ማስቀመጥ አለበት።